ኦክስጅን ሲያልቅብኝ ሰውነቴ ለምን አልነገረኝም?

የውይይት ክሩን የከፈተው አንድ ወጣት ዋናተኛ ነው። ባለ 25 ሜትር ገንዳ ውስጥ በአንድ ትንፋሽ ከውኃ ሥር ምን ያህል መሄድ እንደሚችል ከጓደኛው ጋር ይፎካከራል። ቀድሞ 35 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ደረቱ ስለሚጨነቅ ብቅ ይል ነበር። በኋላ አንድ ሰው ከመጥለቁ በፊት 25 ጊዜ በኃይልና በጥልቀት እንዲተነፍስ፣ ሳንባውም በኦክስጅን እንደሚሞላለት መከረው። ምክሩ ሠራ። ጭንቀቱ ዘገየለት፣ 40 ሜትር አለፈ፣ 45ም አለፈ። አንድ ቀን 50 ሜትሩን ጨርሶ ግድግዳውን ነክቶ ሲዞር እንደዚያ ቀን ተመችቶት እንደማያውቅ ያስታውሳል። ከዚያ ቀጥሎ የሚያስታውሰው ገንዳው ዳር በጎኑ ተኝቶ ሲያስል ነው። ጓደኛው ጎትቶ አውጥቶታል። ጥያቄው ይህ ነበር፤ ራሱን እስኪስት ድረስ ኦክስጅን ካለቀበት፣ ሰውነቱ ለምን አስቀድሞ አልነገረውም?

ክሩን ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ልጆችን ዋና ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህንኑ የ25 ትንፋሽ ልማድ ስላየሁ፣ መልሶቹን በየተራቸው ለማስፈር ወሰንኩ።

ቁጥር 2 በትሕትና የጻፈ ሰው ነው፣ ግን ግማሹን ብቻ አገኘው። ጥፋቱን በውኃው ግፊት ላይ አደረገ። ጠላቂ ከጥልቅ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ በሳንባው ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊትም አብሮ ይወድቃል ብሎ አስረዳ። ነገሩ እውነት ነው። ከ10 ሜትር ጥልቀት ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ግፊቱ በግማሽ ይቀንስበታል፣ ብዙ ጠላቂዎችም ራሳቸውን የሚስቱት ወደ ላይ ሲቃረቡ ነው። ይህ ልጅ የዋኘው ግን ሰው ቆሞ በሚደርስበት ውኃ ውስጥ ነው። ለእንዲህ ያለ ጥልቀት ይህ ማብራሪያ አይበቃም።

ቁጥር 3 ላይ ረጅም ዘመን በሰመመን ሰጪነት የሠሩ ሐኪም ገቡ። እኔ የክሩ ምሰሶ የምለው ይህንን መልስ ነው። ሐኪሙ ጥያቄው የተመሠረተበትን ግምት ነቀፉ። በመደበኛ ሁኔታ ተንፍስ የሚለን የኦክስጅን ማነስ አይደለም፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው አሉ። በአንጎል ግንድ ታችኛ ክፍል፣ በሜዱላ የሆድ በኩል ገጽ አጠገብ፣ አሲድነትን የሚለዩ ሕዋሳት አሉ። በደም ውስጥ ያለ አሲድ ራሱ ወደ አንጎል በቀላሉ አያልፍም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ያለ ከልካይ ያልፋል፣ እዚያም ከውኃ ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይሆናል። በአንጎል ዙሪያ ያለው ፈሳሽ እንደ ደም አሲድ የሚያለዝብ ፕሮቲን ስለሌለው ጥቂቷ ጭማሪ እንኳን ወዲያው ትታወቃለች። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት በአንድ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብቻ ሲጨምር በደቂቃ የምንተነፍሰው አየር በሁለት ወይም በሦስት ሊትር ከፍ ሊል ይችላል። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው በደቂቃ ስድስት ሊትር ገደማ እንደሚተነፍስ ስናስብ፣ ይህ ምን ያህል ስሜት ያለው መሣሪያ እንደሆነ ይገባናል።

ከዚያ የልጁን ዋና በቁጥር ሠሩለት። ጤነኛ ሰው በደም ቅዳው ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። መታገስ የማይቻልበት ደረጃ ለብዙ ሰው 50 አካባቢ ነው እንበል። ልጁ በተለመደው መንገድ ቢጠልቅ ኖሮ ከመነሻው እስከ ማስጠንቀቂያው ያለው ርቀት አሥር ብቻ ነበር። ከ25 ኃይለኛ ትንፋሽ በኋላ ግን መነሻው ወደ 22 ሊወርድ ይችላል፣ ርቀቱም ወደ 28 ይሰፋል። ማስጠንቀቂያው በቦታው አለ፣ ልጁ ግን ከእሱ እጅግ ርቆ ጀመረ።

በምላሹ ስንት ኦክስጅን አተረፈ? ሐኪሙ ይህንንም አስልተውታል። ሳንባ እስከ አፉ ሲሞላ ስድስት ሊትር አየር ይይዛል ብለን እንነሳ። በፊት በውስጡ ያለው ኦክስጅን 840 ሚሊ ሊትር ገደማ ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተጠርጎ ሲወጣ ቦታውን ኦክስጅን ይተካና ወደ 1,050 ይደርሳል። ትርፉ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ደሙ ውስጥ የሚጨመር የለም ማለት ይቻላል፣ ኦክስጅን ተሸካሚው ሂሞግሎቢን ድሮም ከመቶ 97 ወይም 98 እጅ ሞልቷልና። በውኃ ሥር እየዋኘ በደቂቃ አንድ ሊትር ኦክስጅን የሚያቃጥል ሰው ያንን ትርፍ በ12 ሰከንድ ይጨርሰዋል። በሌላ አነጋገር ልጁ 12 ሰከንድ ኦክስጅን ገዝቶ ማስጠንቀቂያውን ግን ከዚያ እጅግ ለሚበልጥ ጊዜ አዘገየው። የኦክስጅኑ ግፊት ወደ 30 አካባቢ ሲወርድ አንጎል ሥራውን ያቆማል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ገና 50 አልደረሰም። ተመቸኝ ያለው ለዚህ ነው።

ቁጥር 4 ጥያቄውን በሌላ መንገድ የተረዳች ሴት ናት። ስለ ዋና ምንም አልጻፈችም። ድንጋጤ ሲይዛት ትንፋሿ እንደሚፈጥን፣ ጣቶቿና ከንፈሯ እንደሚደነዝዙ፣ አየር ያነሳት እየመሰላት ይበልጥ እንደምትተነፍስ ተናገረች፣ በወረቀት ከረጢት ውስጥ መተንፈስ ይጠቅም እንደሆነም ጠየቀች። አንዳንዶች ከርዕሱ ወጣሽ አሏት። እኔ ግን ከርዕሱ መሐል ገብታለች እላለሁ። የእሷ ድንዛዜና የዋናተኛው ምቾት አንድ ምንጭ አላቸው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲወርድ ደሙ ከአሲድነት ይርቃል፣ ነፃ ካልሲየም ይቀንሳል፣ ነርቮች ይቆጣሉ። ሐኪሙም በአጭሩ መለሱላት። ከረጢት የቀድሞ ልማድ ነው፣ የትንፋሽ መፍጠን ከድንጋጤ ሳይሆን ከልብ ወይም ከሳንባ ሕመም የመጣ ከሆነ ኦክስጅን ያሳንሳልና ዛሬ አይመከርም፤ አየር ቀስ ብሎ ማስወጣት ይሻላል አሏት።

ለእሷ የተሰጠውን መልስ አንብቦ ክሩን የከፈተው ልጅ በቁጥር 5 ተመለሰ። ከሃያኛው ትንፋሽ በኋላ የእሱም ጣቶች ይነዝሩት ነበር፣ ራሱም ቀለል ይለው ነበር። ያንን ስሜት ኦክስጅን መሙላቱን የሚያሳይ ምልክት አድርጎ ይወስደው ነበር፣ እንዲያውም ንዝረቱ እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ማቆም እንዳለበት የሚነግረውን ምልክት የመነሻ ፊሽካ አድርጎት ነበር።

ቁጥር 6 ከሁሉም የከረረው ነው። ጸሐፊው ለስምንት ዓመት በትንፋሹ ብቻ ሲጠልቅ የኖረ ሰው ነው። ሁልጊዜ ከመጥለቁ በፊት በኃይል እንደሚተነፍስና አንድም ቀን ራሱን ስቶ እንደማያውቅ ጻፈ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቆሻሻ ነው፣ ቆሻሻን አስቀድሞ ማውጣት ጉዳቱ ምንድን ነው ሲል ተከራከረ። ልጁ የሳተው ስላልበላ ወይም ስላልተኛ ይሆናል አለ። ሐኪሙን መጀመሪያ እርስዎ እያለ ጀመረና መሐል ላይ ወደ አንተ ተሻገረ። በሁለት አንቀጽ መካከል የተከሰተ ለውጥ ነው፣ ሌሎችንም አስቆጣ።

ቁጥር 7 የጠላቂውን ንቀት አልፈው ወደ ፍሬ ነገሩ የሄዱ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቆሻሻ ብቻ ቢሆን ሰውነት ትንፋሽን የሚለካበት ሚዛን አያደርገውም ነበር አሉ። ሃልዴንና ፕሪስትሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1905 ያሳዩትን አነሱ፤ የሰው ሳንባ ትንፋሹን በመጨመርና በመቀነስ በጥብቅ አንድ ደረጃ ላይ የሚያቆየው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ነው። ለምን እሱን? መምህሩ እንዲህ አሰቡት። አንድ ሰው ትንፋሹ በግማሽ ቢቀንስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ውሎ አድሮ ወደ እጥፍ ይጠጋል። መለኪያው ትንፋሹን እግር በእግር ይከተላል። ኦክስጅን ግን ግፊቱ ከ100 ወደ 60 ሲወርድ እንኳን ሂሞግሎቢን ከመቶ 90 እጅ እንደሞላ ይቆያል፣ ከዚያ በታች ግን ገደል ነው። ታንኩ ሊያልቅ ሲል ብቻ የሚንቀሳቀስ መርፌ ለዕለት ተዕለት ቁጥጥር አይሆንም። ይህ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ሐሳብ ነው፣ ቢሆንም መምህሩ ሰውነት አስቦ የመረጠ አስመስለው መጻፋቸው ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል።

ሐኪሙን ያረመቻቸው ቁጥር 8 ናት፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የምትሠራ ነርስ። አንድ ነገር አልተዋጠላትም። የሚዋኝ ሰው ኦክስጅን በፍጥነት የሚያቃጥል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድም በዚያው ፍጥነት ያመርታል፤ ታዲያ ማስጠንቀቂያውም አብሮ አይፈጥንም? በተጨማሪም 50 የሚለው ቁጥር ለሁሉም አንድ እንዳይመስል አሳሰበች። በእነሱ ክፍል የአንጎል ግንድ ሥራውን ማቆሙን ለማረጋገጥ ታማሚው ኦክስጅን እየተሰጠው መተንፈሻ መሣሪያው ይቆማል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም 60 እስኪደርስ ይጠበቃል። እዚያ ደርሶ ደረቱ ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ነው ማዕከሉ መልስ አልሰጠም የሚባለው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላ በደቂቃ ሦስት ያህል ብቻ ሲጨምር ደጋግማ አይታለች፣ ምንም በማይንቀሳቀስ ሰው ላይ ማለቷ ነው።

ሐኪሙ በቁጥር 9 ትክክል ነሽ አሉ፣ ማስጠንቀቂያው በዋና ጊዜ እንደሚፈጥን አስቀድመው መጻፍ ነበረባቸው። ግን ሁለቱ ጋዞች እኩል አይሮጡም ሲሉ አከሉ። ሰውነት ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰፊ ጎተራ አለው፤ ደሙም ጡንቻውም ብዙ ይውጣሉ፣ ስለዚህ ግፊቱ የሚወጣው በዝግታ ነው። ለኦክስጅን ያለው ጎተራ ግን በአብዛኛው ሳንባና ደም ስለሆነ ቶሎ ይራቆታል። ቀጥለው ማንም ያልጠየቀውን ነገር ጨመሩ፤ ሰውነት ኦክስጅን የሚለይ ሁለተኛ ዘበኛም አለው። በአንገት ደም ቅዳ መከፈያ ላይ በሁለቱም ወገን ትንሽ አካል አለ። ኮርኔይ ሄይማንስ እ.ኤ.አ. የ1938ን የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ አካባቢ ባለው የትንፋሽ ቁጥጥር ላይ በሠራው ሥራ ነው። ኦክስጅን ከ60 ሲወርድ ይህ አካል አጥብቆ ይጮኻል። ታዲያ ልጁን ለምን አላዳነውም? ጩኸቱ ብርታት የሚያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድም አብሮ ሲበዛ ነው። ዝቅ ብሎ ሲገኝ ያው ዘበኛ በለሆሳስ ይናገራል። ያ ሁሉ ትንፋሽ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ አዘግይቶ ሁለተኛውን ደግሞ አደከመ። ከ60 ወደ 30 ለመውረድም በዋና ላይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ለጠላቂውም አንድ ነገር ነገሩት፣ ያለ ቁጣ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአንጎልን ደም ሥሮች ይከፍታል፤ ከ40 ወደ 22 ሲወርድ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲሶ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ራስ ቀለል የሚለው ከዚህ ነው። ስምንት ዓመት አለመሳቱን አልካዱበትም። በየቀኑ ከገደሉ ምን ያህል ርቆ እንደቆመ ግን የሚነግረው ስሜት እንደሌለው፣ ያንን ስሜት በገዛ እጁ እንዳጠፋው ጻፉለት።

ቁጥር 10 ከርዕሱ ወጣ፤ ከፍ ባለ ተራራ ላይ ሌሊት ትንፋሹ ቆም እያለ ይነቃ የነበረ ተጓዥ ነው። እዚያ ላይ ከኦክስጅን ማነስ የተነሳ በብዛት ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እንደሚወርድና የአንጎል ግንዱ በእንቅልፍ ጊዜ ለአፍታ ዝም እንደሚል ተነገረው። በዚህ ላይ ሦስት አራት መልስ ተጻፈ፣ አልፌዋለሁ።

ወደ ነገሩ የመለሰን ቁጥር 14፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው፣ የሐኪሙንም ሒሳብ ከሥሩ ነቀነቀው። ፋውለር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳተመውን ሙከራ አስታወሰ። ሰዎች ትንፋሻቸውን እስከ መጨረሻው ይዘው ሲያቅታቸው ከከረጢት እንዲተነፍሱ ተደረገ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው አየር ግን ኦክስጅኑ ከመቶ 8 ያህል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከመቶ 7.5 ያህል ነበር፤ ደማቸውን ምንም አላሻሻለም። ሰዎቹ ግን ጥቂት ጊዜ እንደተነፈሱ እፎይ አሉ፣ እንደገናም ትንፋሻቸውን መያዝ ቻሉ። የመጨረሻው ጭንቀት የሚመጣው ከጋዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ተማሪው እንደሚለው የአንጎል ግንዱ ምት አይቆምም። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ፕሪ-ቦትዚንገር ኮምፕሌክስ ተብሎ የሚታወቀው በሜዱላ ግራና ቀኝ ያለ ትንሽ የነርቭ ስብስብ ትንፋሽ ብንይዝም ትእዛዙን መላኩን ይቀጥላል። እኛ ከላይ በፈቃዳችን እናፍነዋለን እንጂ አናጠፋውም። የሳንባና የደረት መንቀሳቀስ ለዚያ ትእዛዝ መልስ ስለሚሆን ጭንቀቱን ያበርዳል ብሎ ገመተ።

ሐኪሙ ተቀበሉት። 50 የሚለው ቁጥር የማስጠንቀቂያው መድረሻ ሳይሆን ማስጠንቀቂያውን ከሚያበረቱት ነገሮች አንዱ እንደሆነ አስተካከሉ። ጭንቀቱ በትክክል ከየት ይነሳል፣ ከድያፍራም ነው ወይስ ከሳንባ መለጠጥ ወይስ ከአንጎል ግንዱ ራሱ፣ በሚለው ላይ ግን ሁለቱ አልተስማሙም፣ ክሩም ይህን ሳይፈታ ቀጠለ።

ጠላቂው በቁጥር 16 ተመልሶ ሊቃውንቱ እርስ በርስ ካልተስማሙ የእሱ ልምድ ይበልጣል አለ። ስድብ የሚመስል ቃልም ነበረበት፣ አልደግመውም። ክሩን ያረጋጋው ማንም ሽምግልና አልነበረም፤ ቁጥር 17 ነበር።

ጸሐፊዋ እናት ናቸው። ልጃቸው ሲወለድ ጀምሮ የአንጎል ግንዱ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ መልስ አይሰጥም፤ ፎክስ-ቱ-ቢ ከሚባለው ዘረመል ጋር የተያያዘ ብርቅ ሕመም ነው። ነቅቶ ሲጫወት እንደማንኛውም ልጅ ይመስላል። ሲተኛ ግን ትንፋሹ ስለሚያንስ በየሌሊቱ መተንፈሻ መሣሪያ ይገጠምለታል። እናቱ እንደጻፉት በጣም የሚያስፈራቸው ሌሊቱ አይደለም፣ ለሌሊቱ ማንቂያ ደወል አለው። የሚያስፈራቸው ልጁ ከእኩዮቹ ጋር ትንፋሽ የመያዝ ጨዋታ ሲጫወት ነው። ሁልጊዜ ያሸንፋል። ሌሎቹ ፊታቸው ቀልቶ ሲፈነዱ እሱ ፈገግ እንዳለ ከንፈሩ ይጠቁራል። ሐኪሞቹ ብቻውን ውኃ ውስጥ እንዳይገባ ከልክለውታል። ሴትዮዋ ጠላቂውን አልወቀሱትም። ልጃቸው የተወለደበትን ነገር እሱ በየቀኑ በ25 ትንፋሽ ለአንድ ደቂቃ እንደሚሠራው ብቻ ነገሩት። ጠላቂው ከዚያ በኋላ አልጻፈም፤ ሐሳቡን ይለውጥ አይለውጥ ማወቅ አልቻልኩም።

ቁጥር 19 የገንዳ ጠባቂ ነው። ራሱን የሚስት ዋናተኛ እጁን አያወራጭም፣ አይጮኽም፣ ለእርዳታ አይጣራም አለ። ከዳር ለሚያይ ሰው የተረጋጋ ዋና ይመስላል፤ ከዚያ መንሸራተቱ ይረዝማል፣ ክንድ ሳይነሳ ይቀራል። ስለዚህ አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ከላይ ሆኖ ዓይኑን ሳይነቅል እንዲያይ፣ በአንዱና በሚቀጥለው መጥለቅ መካከልም ትንፋሹ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ እንዲያርፍ መከረ። ሐኪሙ አንድ መስመር ጨመሩ፤ ከመጥለቅ በፊት የተለመደው ትንፋሽና በመጨረሻ አንድ ሙሉ መሳብ ይበቃል።

ልጁ በቁጥር 20 አመሰገነ። የ25ቱን ትንፋሽ ትቶ ሲሞክር ጭንቀቱ እንደ ድሮው 35 ሜትር ላይ እንደሚመጣ፣ ሲመጣም ወዲያው ብቅ እንደሚል ጻፈ። ከጓደኛው የሰማው አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶታል። ግድግዳውን ነክቶ ከዞረ በኋላ ዓይኑ ተከፍቶ ሦስት ጊዜ ያህል እንደቀዘፈ ጓደኛው ነግሮታል። እሱ አንዱንም አያስታውስም። ከሦስቱ በየትኛው ላይ ንቃቱ እንደሄደ የሚያውቅ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። እስካሁን የመለሰለት የለም።